የይርጋጨፌና የስታርባክስ ኬዝ እንዴት የአስር ደቂቃ ፒች ሆነ

የማታ ማስተርስ የሚማሩ አምስት ልጆች ናቸው። የስትራቴጂ ኮርስ ላይ የደረሳቸው ኬዝ ብዙዎቻችን በስሙ የምናውቀው ግን ውስጡን ገብተን ያላየነው ነው፣ ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትሞክር ከስታርባክስ ጋር የተጋጨችበት ጉዳይ። ይሄን ወፍራም ኬዝ የአስር ደቂቃ ፒች ማድረግ አለባቸው፣ ከዛ በኋላ ጥያቄ አለ፣ ዳኞቹ ደግሞ መምህሩና ከውጪ የተጋበዙ የቢዝነስ ሰዎች ናቸው። እኔ ስራዬ ላይ ፒች ስለማይና ስለማርም እንዳግዛቸው ጠየቁኝ፣ እና ከመጀመሪያው ድራፍት ጀምሮ አብሬያቸው ነበርኩ። እንዴት እንደተሰራ በዝርዝር ልጻፈው፣ ምክንያቱም ግሩፖች የሚወድቁበት ቦታ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ጉዳዩን ባጭሩ። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽ/ቤት በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የሶስቱን ስሞች ማመልከቻ ለአሜሪካ የፓተንትና ንግድ ምልክት ቢሮ አስገባ። ስታርባክስ ደግሞ ከዛ በፊት በ2004 ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበት የራሱን የቡና ስም ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማህበር ተቃወመ፣ ሐረርና ሲዳሞ መጀመሪያ ላይ ውድቅ ተደረጉ፣ ይርጋጨፌ ግን አለፈ። በ2006 መጨረሻ የረድኤት ድርጅቱ ኦክስፋም ኢትዮጵያን ደግፎ ዘመቻ ጀመረና ነገሩ አለም አቀፍ ዜና ሆነ። ስታርባክስ የሚለው "ንግድ ምልክት ይቅር፣ በምርት አካባቢ ማረጋገጫ ይሁን፣ እኛም እናግዛችኋለን" ነው፣ ጽ/ቤቱ ደግሞ "አይሆንም፣ ስሙ የኛ ይሁን፣ የመጠቀሚያ ፈቃዱን፣ ላይሰንሱን ግን በነፃ እንሰጣለን" ይላል። በ2007 ሰኔ ላይ ስምምነት ፈረሙ።

የልጆቹ የመጀመሪያ ድራፍት ቆንጆ ነበር ለማየት። የቡና ታሪክ ከካፋ ጀምሮ፣ የስታርባክስ ታሪክ፣ ስዎት አናሊሲስ፣ ፖርተርስ ፋይቭ ፎርስስ፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ ከዛ መጨረሻው ስላይድ ላይ "ሪኮመንዴሽን" ተብሎ ስድስት ነጥብ፣ ከስድስቱ አራቱ "ማጠናከር" በሚል ቃል የሚያልቁ። ኬዙን በደንብ እንዳነበቡት ያሳያል፣ ግን ፒች አይደለም፣ የኬዙ ማጠቃለያ ነው። ልዩነቱን ለማየት አንድ ጥያቄ በቂ ነው፣ ይሄን ዴክ፣ ማለትም የስላይድ ስብስቡን፣ የሚያየው ሰውዬ ሲጨርስ ምን ላይ ነው እሺ ወይ እምቢ የሚለው? ስጠይቃቸው ሶስቱ ሶስት የተለያየ መልስ ሰጡኝ። አንዷ ለስታርባክስ ማኔጅመንት ነው የምናቀርበው አለች፣ አንዱ ለመንግስት፣ አንዱ ደግሞ "ጋሼ ለመምህሩ ነዋ" አለኝ። ዴኩ የተበተነው እዛ ላይ ነው፣ ስላይዱ ላይ አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ነገር ወሰንን። አንደኛ አድማጩ ማነው፣ ሁለተኛ ቀኑ መቼ ነው። አድማጩ የጽ/ቤቱ ውሳኔ ሰጪዎች ሆኑ፣ ቀኑ ደግሞ የ2007 መጀመሪያ፣ ማለትም ዘመቻው ጦፎ፣ ሁለት ስም ውድቅ ሆኖ፣ ስምምነቱ ገና ሳይፈረም። ቀኑን መቆለፍ ቀላል ነገር ይመስላል ግን ብዙ ነገር ያስተካክላል። መጨረሻውን ስለምናውቅ "ላይሰንሱ በነፃ ይሁን፣ ምክንያቱም ስታርባክስ ፈርሟል" ብሎ መጻፍ ይቻላል፣ እሱ ግን ማስረጃ አይደለም፣ የፈተናውን መልስ አይቶ መስራት ነው። ከዛ ቀን በኋላ የተፈጠረ ነገር በሙሉ ከዋናው ዴክ ወጣና ለጥያቄ ሰዓት ብቻ በሚሆን መጠባበቂያ ስላይድ ላይ ተቀመጠ።

ቀጥሎ ፓወርፖይንት ዘግተን ወረቀት ላይ የስላይድ ርእሶች ብቻ ጻፍን፣ እያንዳንዱ ርእስ ሙሉ አረፍተ ነገር ሆኖ። "የገበያ ሁኔታ" የሚል ርእስ ምንም አይልም። "ከስሙ የሚገኘው ትርፍ አብዛኛው ከሀገር ውጪ ይቀራል" የሚለው ግን ይላል፣ አድማጩም ከስሩ ምን ቻርት መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል። ርእሶቹን ብቻ ጮክ ብለን ለአንዱ ልጅ ባለቤት አነበብንላት (ኬዙን አታውቀውም፣ ለዚህ ደሞ የማያውቅ ሰው ነው የሚሻለው) እና መልሳ እንድትነግረን ጠየቅናት። ሁለቴ መሀል ላይ ጠፋባት፣ ሁለቱም ቦታ ላይ ርእሶቹ አይያያዙም ነበር። ያን ካስተካከልን በኋላ ስድስት ስላይድ ቀረ፣ የመጀመሪያውም ውሳኔውን በቀጥታ የሚጠይቅ ሆነ፦ የንግድ ምልክቱ ማመልከቻ ይቀጥል፣ ላይሰንሱ ያለ ሮያሊቲ፣ ማለትም ለስሙ ክፍያ ሳይጠየቅ፣ ለሁሉም ቆዪዎችና አከፋፋዮች ይከፈት፣ ውጤቱም በኤክስፖርት ዋጋ ልዩነት ይለካ።

አሁን ቁጥሩ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የፈጀብን፣ እኔም በጣም የምወደው ክፍል እሱ ነው።

ድራፍቱ ላይ ትልቅ ስላይድ ነበረ፣ አንድ ፓውንድ ቡና አሜሪካ 26 ዶላር ይሸጣል፣ ኢትዮጵያ የምታገኘው ግን አንድ ዶላር ገደማ ነው የሚል፣ ሁለት ባር፣ አንዱ ጣራ የነካ አንዱ ከመሬት የማይታይ። ስሜት ይነካል፣ ግን ሶስት ቦታ ላይ ይፈርሳል። አንደኛ 26 ዶላሩ የተቆላ ቡና ነው፣ አንድ ዶላሩ ደግሞ ጥሬ ቡና፣ እና ቡና ሲቆላ ክብደት ይቀንሳል። አለም አቀፉ የቡና ድርጅት የሚጠቀምበት ማባዣ 1.19 ነው፣ ማለት አንድ ፓውንድ የተቆላ ለማግኘት 1.19 ፓውንድ ጥሬ ያስፈልጋል። ሁለተኛ 26 ዶላሩ የአንድ ውድና ልዩ ቡና ዋጋ ነው፣ አንድ ዶላሩ ግን ሀገሪቱ የምትልከው ቡና በሙሉ አማካይ። ሶስተኛ ኤክስፖርት ዋጋ ማለት የገበሬው ዋጋ ማለት አይደለም፣ ገበሬው ብዙ ጊዜ የሚሸጠው እሸት ወይም ጀንፈል ነው፣ መሀል ላይ ሰብሳቢ፣ አቅራቢ፣ ማጠቢያ ጣቢያ፣ ትራንስፖርትና ላኪ አለ።

እናስላው። በ2006/07 ኢትዮጵያ ወደ 176 ሺ ቶን ቡና ልካ ወደ 424 ሚሊዮን ዶላር አገኘች፣ በኪሎ 2.40 ዶላር፣ በፓውንድ 1.09 ዶላር ማለት ነው። (ይሄ በጀት ዓመት ከቆለፍነው ቀን በኋላ ነው የሚዘጋው፣ ለመጠን ብቻ እንደተጠቀምንበት ስላይዱ ግርጌ ላይ በግልጽ ጻፍነው።) 1.09 በ1.19 ሲባዛ 1.30 ዶላር ይሆናል፣ ለ26 ሲካፈል 5 ፐርሰንት። ተራውን የታሸገ ቡና 10 ዶላር ብንል ደግሞ 13 ፐርሰንት። ስለዚህ ስላይዱ "ከ5 እስከ 13 ፐርሰንት" ሆነ፣ ከስሩም የኤክስፖርት ዋጋ እንጂ የገበሬ ዋጋ እንዳልሆነ ተጻፈ። ከግሩፑ አንዱ "ክብደቱ ቀነሰኮ፣ ስሜቱ ጠፋ" ብሎ ተከራከረ። እኔ አልመሰለኝም። ዳኛ አንድ ቁጥር ላይ ቀዳዳ ካገኘ የቀሩትን በሙሉ መጠራጠር ይጀምራል፣ 13 ፐርሰንት ደግሞ ያው ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ከባድ ቁጥር የኦክስፋም 88 ሚሊዮን ዶላር ነው። ስሞቹ ቢመዘገቡ ኢትዮጵያ በዓመት ይሄን ያህል ተጨማሪ ልታገኝ ትችላለች የሚል ግምት ነው፣ ዜናው ሁሉ ላይ ተደጋግሞ አለ፣ ልጆቹም የሪኮመንዴሽናቸው ውጤት አድርገው አስገብተውት ነበር። የሌላ ሰው ግምት የራስህ ፕላን ውጤት ሊሆን አይችልም፣ ግን መጣልም የለበትም፣ መገልበጥ ነው ያለበት። ማለት "88 ሚሊዮን እናገኛለን" ከማለት "88 ሚሊዮን እንዲገኝ ዋጋው ስንት መጨመር አለበት" ብሎ መጠየቅ። ኤክሴል ላይ አንድ መስመር ናት፣ B2 ላይ ሶስቱ ስሞች ከኤክስፖርቱ የሚይዙት ድርሻ ይገባል፦

```
=88000000/(176000*1000*B2)
```

ድርሻውን በእርግጠኝነት የሚናገር መረጃ ኬዙ ላይ አልነበረም፣ ስለዚህ ሶስት ግምት አስገባን። ሩብ ከሆነ በኪሎ 2 ዶላር መጨመር አለበት፣ ሲሶ ከሆነ 1.50፣ ግማሽ ከሆነ 1 ዶላር። መነሻው 2.40 መሆኑን አስቡ፣ እና በጣም ምቹ በሆነው ግምት እንኳ ጭማሪው ከ40 ፐርሰንት በላይ ነው፣ ሲሶ ከሆነ ከ60 ያልፋል። የስላይዱ ርእስም ይሄው ሆነ፦ "88 ሚሊዮን ዶላር እንዲገኝ የሶስቱ ቡናዎች ዋጋ ቢያንስ በ40 ፐርሰንት መጨመር አለበት"። ቻርቱ ሶስት ባር ብቻ፣ እና 2.40 ላይ የተሰመረ አንድ መስመር።

ታዲያ የራሳቸው ኢላማ ስንት ይሁን? አየር ላይ 15 ወይም 20 ፐርሰንት ማለት ቀላል ነው፣ ከየት አመጣችሁት ሲባል ግን መልስ የለም። የቁጥር ኃላፊዋ ልጅ (ከግሩፑ አንድ ሰው ብቻ ነበረች ኤክሴሉን የምትነካው፣ ይሄን አጥብቄ ነው የምመክረው) ጥሩ መነሻ አገኘች። ስታርባክስ በ2006 በጀት ዓመቱ 294 ሚሊዮን ፓውንድ ቡና በአማካይ 1.42 ዶላር ገዝቻለሁ ብሎ ሪፖርት አድርጓል። የኢትዮጵያ አማካይ 1.09 ነው፣ ልዩነቱ 33 ሳንቲም። የልዩነቱን ግማሽ መያዝ ብንችል በፓውንድ 16.5 ሳንቲም፣ ማለትም 15 ፐርሰንት ጭማሪ ነው። ይሄ ሲሶው ኤክስፖርት ላይ ቢሰራ ወደ 21 ሚሊዮን ዶላር በዓመት ይሆናል። ሁለቱ አማካዮች ፍጹም አንድ አይነት ነገር እንዳልሆኑ፣ የስታርባክሱ የተመረጠ ጥራት ያለው ቡና እንደሆነ፣ የኢትዮጵያው ደግሞ ሁሉንም ደረጃ እንደያዘ ግርጌው ላይ አስቀመጡ። 21 ከ88 ያንሳል ግን የራሳቸው ነው፣ እያንዳንዱን እርምጃ ቆመው ሊያስረዱት ይችላሉ።

ከዚች ስሌት ደግሞ ያልጠበቁት ነገር ወጣ፣ እሱ ነው ዴኩን የቀየረው። ስታርባክስ ብቻውን ጭማሪውን ቢከፍልስ ብለን ጠየቅን። ከሚገዛው ቡና 5 ፐርሰንቱ የኢትዮጵያ ነው እንበል፣ ግምት ነው፣ 14.7 ሚሊዮን ፓውንድ ይሆናል። በ16.5 ሳንቲም ሲባዛ 2.4 ሚሊዮን ዶላር። ከ21 ሚሊዮኑ አንድ ስምንተኛ እንኳ አይሞላም። ግምቱን እጥፍ ብታደርገውም ሩብ አይደርስም። ማለት ኬዙ በሙሉ የተጻፈው በኢትዮጵያና በስታርባክስ ፍጥጫ ነው፣ ሚዲያውም እንደዛ ነው ያወራው፣ የልጆቹም ድራፍት እንደዛ፣ ገንዘቡ ግን አብዛኛው ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ ሌሎቹ ቆዪዎች፣ ጃፓን፣ አውሮፓ። ስታርባክስ በር ከፋች ነው እንጂ ገበያው እሱ አይደለም። ይሄ ሲገባቸው የላይሰንሱ በነፃ መሆን ከ"ደግነት" ወደ ስትራቴጂ ተቀየረ፣ ብዙ ፈራሚ በፍጥነት ለማግኘት ዋጋው ዜሮ መሆን አለበት።

ሶስቱን አማራጭ የሚያወዳድረው ስላይድ ከዛ በኋላ በራሱ መጣ። በፊት አስራ ምናምን መስፈርት ያለው ሰንጠረዥ ነበር፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ እየተቀባ፣ ውጤቱም ሁሉም ቢጫ። ሁለት መስፈርት ብቻ አስቀረን፣ ስሙን ማን ይቆጣጠራል እና ለማስፈጸም ምን ያስወጣል። ስታርባክስ ያቀረበው የማረጋገጫ ምልክት መንገድ ቡናው ከዛ ቦታ መምጣቱን ክትትል ይጠይቃል፣ ጽ/ቤቱ ያኔ ይል እንደነበረው ቡናው የሚበቅለው አራት ሚሊዮን በሚደርሱ ትናንሽ ማሳዎች ላይ ነው፣ ያን ሁሉ መከታተል ወጪው ከባድ ነው። ንግድ ምልክት ከሮያሊቲ ጋር ደግሞ ቁጥጥሩ ጥሩ ነው ግን ገዢው ስሙን ትቶ "የምስራቅ አፍሪካ ቡና" ብሎ ሊሸጥ ይችላል። ያለ ሮያሊቲው ሁለቱንም ያልፋል፣ ግን አንድ ትልቅ ድክመት አለው፣ እሱን ደግሞ ስላይዱ ላይ እንዲጽፉት ገፋፋኋቸው፣ በራሱ አንድ ብር አያስገባም።

ይሄ ድክመት ነው የጥያቄውን ሰዓት የያዘው። ከተጋበዙት ዳኞች አንዷ "ልጆች፣ ሮያሊቲ ካልጠየቃችሁ 21 ሚሊዮኑ በየት በኩል ነው የሚገባው?" አለች። ዝግጁ ነበሩ፣ ልምምድ ላይ ይሄንኑ ጥያቄ ደጋግመን ነበር የተጠያየቅነው። መልሱ ሶስት ደረጃ አለው፣ ፈራሚው ስሙን ማሸጊያው ላይ ይጽፋል፣ ጠጪው በስሙ መጠየቅ ይጀምራል፣ ከዛ ላኪውና የገበሬ ዩኒየኑ ያንን ስም ይዞ ዋጋ ይደራደራል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ማስተዋወቅ ካልተሰራ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ሶስተኛው ላይ ደግሞ ዩኒየኖቹና ላኪዎቹ በአንድ ድምጽ ካልተደራደሩ ጭማሪው መሀል ላይ ይቀራል። ለዛ ነው ሪኮመንዴሽኑ ውስጥ ገበሬ፣ ላኪና መንግስት አብረው የሚቀመጡበት ኮሚቴ የገባው። የመለኪያው ስላይድም ከዚህ ጋር ነው የሚያያዘው፣ በየወሩ የሶስቱ ቡናዎች ኤክስፖርት ዋጋ ከሌላው የኢትዮጵያ ቡና አማካይ ጋር ይነጻጸራል። ዝም ብሎ ዋጋ ጨመረ ማለት አይበቃም፣ የአለም ዋጋ ሲጨምር ሁሉም ይጨምራል፣ መታየት ያለበት ልዩነቱ መስፋቱ ነው። በሶስት ምርት ዘመን ካልሰፋ ዘዴው አልሰራም ማለት ነው ብለው ራሳቸው ጽፈውት ነበር።

ሌላ ዳኛ ሲሶው ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ። "ግምት ነው፣ ሩብና ግማሽ ሲሆንም አስልተነዋል" ብለው መጠባበቂያ ስላይዱን ከፈቱለት፣ ሩብ ሲሆን 16 ሚሊዮን፣ ግማሽ ሲሆን 32። ሰውዬው ማስታወሻ ያዘና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

ስለ ግሩፑ ስራ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ፋይሉን አምስት ቦታ ከፍሎ እያንዳንዱ የራሱን ስላይድ ሰርቶ ሲመጣ አንዱ በኪሎ፣ አንዱ በፓውንድ፣ አንዱ በቶን ጽፎ ነበር፣ የአንዱ 2.40 እና የሌላው 1.09 አንድ አይነት ቁጥር መሆኑን ስላይድ የሚያይ ሰው በምንም አያውቅም። ከዛ በኋላ ህጉ እንዲህ ሆነ፣ ስላይድ ላይ የሚታይ ቁጥር ሁሉ ከአንዱ ኤክሴል ነው የሚመጣው፣ በአንድ መለኪያ፣ ከጎኑም ከሶስት ምልክቶች አንዱ ይደረግበታል፣ ከኬዙ የተወሰደ፣ እኛ ያሰላነው፣ እኛ የገመትነው። የመጨረሻው ቀን ማታ የ15 ፐርሰንቱ ግምት ወደ 10 ይውረድ ተብሎ ክርክር ተነስቶ ነበር፣ ያኔ ቁጥር ኃላፊዋ አንድ ሴል ቀይራ 21 ሚሊዮኑ ወደ 14 ሲወርድ አሳየቻቸው፣ የትኞቹ ስላይዶች እንደሚነኩም ዝርዝሩ ነበራት፣ ሁለት ብቻ ነበሩ። ግማሽ ልዩነት የሚለው ምክንያት ያለው 15 ላይ ስለሆነ 15 እንዲቆይ ተስማሙ፣ 10ሩም ከሩቡና ከግማሹ ጋር መጠባበቂያ ስላይዱ ላይ ገባ።